ካገገመ በኋላ የሚንቀጠቀጠው ቡችላ፦ ዲስቴምፐር፣ የእናት አንቲቦዲ እና የክትባት ቀጠሮ

ከአንዲት እናት በአንድ ሌሊት የተወለዱ ሁለት ቡችላዎችን እናስብ። ወንዱ ቀድሞ ወጣ፤ ጠንካራ ስለነበረም ወዲያውኑ ጡት ይዞ እስኪጠግብ ጠባ። ሴቷ መጨረሻ የተወለደች ትንሽ ቡችላ ስትሆን፣ ጡት ለመያዝ ከወንድሞቿና ከእህቶቿ ጋር ስትጋፋ ብዙ ሰዓት አለፈባት። ሁለቱም በስድስተኛውና በዘጠነኛው ሳምንታቸው ዲስቴምፐር የተባለውን ተላላፊ የውሾች በሽታ የሚከላከል ክትባት ወሰዱ፤ ባለቤታቸውም «ሁለት ጊዜ ተከትበዋል፤ ከእንግዲህ የሚመለሱት ከዓመት በኋላ ነው» ተባለ። በአሥራ አራተኛው ሳምንት ሁለቱም ከሚያስል አንድ ውሻ ጋር ተገናኙ። ሴቷ ምንም አልሆነችም። ወንዱ ግን ከሳምንት በኋላ ዓይኑ ዓይናር ያዘ፣ አፍንጫው ንፍጥ አወጣ፣ ምግብ ተወ፣ ጥቂትም አሳለው። ከዚያ እየተሻለው ሄደና በአሥራ ሰባተኛው ሳምንት እንደ ቀድሞው ይጫወት ጀመር። በሃያኛው ሳምንት ግን ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ ሲያየው፣ በግንባሩ በኩል ያለው ጡንቻ እንደ ልብ ትርታ በልክ እየነጠረ ነበር።

ታሪኩ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው፤ ነገር ግን የእንስሳት ሐኪም የሆነ ሰው ሁሉ ቢያንስ ቁራጩን ያውቀዋል። ሁለት ጥያቄዎችን ያስነሳል። የመጀመሪያው፣ በሽታው አልፎ ሄደ ከተባለ በኋላ ነርቭ ለምን ይታመማል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ዓይነት ክትባት በአንድ ቀን የወሰዱ እህትና ወንድም ዕጣቸው ለምን ተለያየ የሚለው ነው። የሁለተኛው መልስ ከክትባቱ ጥራት ይልቅ ከተወለዱበት ቀን የመጀመሪያ ሰዓታት ጋር የተያያዘ መሆኑ ብዙዎችን ያስገርማል።

ዲስቴምፐርን የሚያመጣው ቫይረስ የሰው ኩፍኝና ከምድር ገጽ የጠፋው የከብቶች ደስታ በሽታ ቫይረሶች የቅርብ ዘመድ ነው። በሽታውን የሚያመጣው በማይክሮስኮፕ ከሚታዩት ባክቴሪያዎች ያነሰ፣ በማጣሪያ ውስጥ የሚያልፍ ነገር መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1905 ያሳየው ፈረንሳዊው ሄንሪ ካሬ ነበር። ቫይረሱ ከአካል ውጭ ደካማ ነው፤ ሙቀት፣ ድርቀትና ተራ ሳሙና ያጠፉታል። ስለዚህ በአብዛኛው የሚተላለፈው የታመመ ውሻ ሲያስልና ሲያስነጥስ ወይም በቅርብ ሲተነፍስ በሚወጡ ረቂቅ ጠብታዎች ነው።

ወደ ውስጥ የተሳበው ቫይረስ በመጀመሪያ የሚያጠቃው ሳንባን ሳይሆን ራሱን የመከላከያውን ሠራዊት ነው። በመተንፈሻ አካላት ያሉ የመከላከያ ሴሎች ቫይረሱን ይዘው ወደ ቶንሲልና ወደ ሊምፍ ዕጢዎች ይወስዱታል፤ እዚያም ይራባል። በሦስተኛውና በስድስተኛው ቀን መካከል አጭር ትኩሳት ይመጣል፤ ነጭ የደም ሴሎች ቁጥርም ያሽቆለቁላል። ይህን የመጀመሪያ ትኩሳት ባለቤቶች አብዛኛውን ጊዜ አያስተውሉትም። ከስምንተኛው ወይም ከዘጠነኛው ቀን ጀምሮ ቫይረሱ በደም አማካኝነት ወደ ሳንባ፣ ወደ አንጀት፣ ወደ ቆዳና ወደ አንጎል ይሰራጫል።

መንገዱ የሚለያየው ከዚህ በኋላ፣ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ነው። አካሉ በበቂ ፍጥነት በቂ መከላከያ ያመረተ ውሻ ቫይረሱን ጠራርጎ ያስወጣዋል፤ ምናልባት መታመሙም አይታወቅም። ምንም መከላከያ ማምረት ያልቻለው ሳንባውም አንጀቱም አንጎሉም በአንድነት ተጠቅተው ብዙ ጊዜ ይሞታል። በሁለቱ መካከል ያለው ውሻ ደግሞ የእኛ ቡችላ ነው፤ መከላከያው ዘግይቶ ወይም ሳስቶ ስለመጣ ቫይረሱን ከሳንባውና ከአንጀቱ ቢያጸዳውም ከአንጎሉ፣ ከዓይኑ ውስጠኛ ክፍልና ከእግሩ መርገጫ ቆዳ ግን አያስለቅቀውም። ስለዚህ «አገገመ» የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው ለሚታየው የሰውነቱ ክፍል ብቻ ነው።

አንጎል ለቫይረሱ ጥሩ መሸሸጊያ የሚሆንበት ምክንያት አለው። አንቲቦዲ፣ ማለትም በደም ውስጥ እየተዘዋወረ ቫይረስን የሚይዘው የመከላከያ ፕሮቲን፣ ደምን ከአንጎል የሚለየውን ግድግዳ አልፎ የሚገባው በጣም በጥቂቱ ነው። ቫይረሱም ብዙ ሴል ሳያፈርስ ከአንዱ ሴል ወደ ጎረቤቱ መሻገር ስለሚችል፣ ውጭ ወጥቶ ለመከላከያው ሳይጋለጥ ይጓዛል። እዚያ እያለ ከሚጎዳቸው ነገሮች ዋናው ማይሊን ነው፤ ይህም የኤሌክትሪክ ሽቦ በላስቲክ እንደሚለበጠው ሁሉ የነርቭ ክሮችን የሚሸፍነው ስብ የበዛበት ልባስ ነው። ልባሱ ሲላጥ መልእክት ይዘገያል፣ ይቆረጣል ወይም ወደማይገባው መስመር ይፈስሳል።

ጉዳቱ በሁለት ዙር እንደሚደርስ ማወቅ የዘገዩትን ምልክቶች ለመረዳት ይጠቅማል። በመጀመሪያው ዙር የውሻው መከላከያ ገና ተዳክሞ ሳለ ቫይረሱ ማይሊን የሚሠሩትን ሴሎች ሥራ ያሰናክላል፤ ልባሱ ያለ ብዙ ብግነት ይላጣል። ሁለተኛው ዙር የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ፣ መከላከያው ሲያንሰራራ ነው። የነቁት የመከላከያ ሴሎች ቫይረሱን ፍለጋ ወደ አንጎል ይገባሉ፤ በሚያስነሡት ብግነትም ቀድሞ የተጎዳውን ስፍራ የባሰ ያቆስሉታል። ውሻው በአጠቃላይ እየበረታ ባለበት ወቅት ነርቩ የሚከዳው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የነርቭ ምልክቶች በብዛት የሚታዩት የመጀመሪያው ሕመም ካለፈ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ቢሆንም፣ ከወራት በኋላ የሚጀምሩበትም ጊዜ አለ። የመጀመሪያው ሕመም ቀላል ስለነበር ነርቭ አይነካም ማለትም አይቻልም፤ አንዳንድ ውሾች ሳል እንኳ ሳይታይባቸው በቀጥታ በነርቭ ምልክት ይጀምራሉ።

ከምልክቶቹ ሁሉ ዲስቴምፐርን በይበልጥ የሚጠቁመው በቡችላችን ግንባር ላይ የታየው፣ ሐኪሞች ማዮክሎነስ የሚሉት ነው። አንድ ጡንቻ ወይም የጡንቻዎች ስብስብ፣ ለምሳሌ የመንጋጋው ወይም የአንድ እግሩ፣ በየሰከንዱ ገደማ በተመሳሳይ ልክ ይነጥራል። ከብርድና ከፍርሃት መንቀጥቀጥ የሚለየው በልኩ፣ በአንድ ስፍራ በመወሰኑ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በእንቅልፍ ጊዜ እንኳ ሊቀጥል በመቻሉ ነው። ሕልም የሚያይ ውሻም እግሩን ያወራጫል፤ ነገር ግን የሕልሙ መወራጨት ሥርዓት የለውም፣ ሲነቃም ያቆማል። ሌላው ምልክት አፉን ማስቲካ እንደሚያኝክ ሰው ደጋግሞ እየከፈተና እየከደነ ምራቁን የሚያዝረከርክበት የሚጥል ሕመም ሲሆን፣ እየባሰ ከሄደ መላ ሰውነቱን የሚያንቀጠቅጥ ይሆናል። የኋላ እግር መስነፍ፣ ሲሄዱ መንገዳገድ፣ አንገትን ወደ አንድ ጎን ማዘንበልና የዓይን ብርሃን መድከምም ይመጣሉ። የትኛው እንደሚመጣ የሚወስነው የተላጠው ስፍራ የት እንደሆነ ነው።

ምራቁ የሚዝረከረክ፣ ጠባዩ የተለወጠ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታም ይዞት ሊሆን ስለሚችል፣ ይህ እስኪጣራ ድረስ እጅን ወደ አፉ ማስጠጋት ከባድ ስሕተት ነው።

ምርመራው የራሱ ወጥመድ አለው። ቡችላው በታመመበት በአሥራ አምስተኛው ሳምንት ከዓይኑ ሽፋን ውስጥ በጥጥ የሚወሰድ ናሙና በፒሲአር ቢመረመር ቫይረሱ በቀላሉ ይገኝ ነበር። በሃያኛው ሳምንት ግን ቫይረሱ ከዓይኑ ሽፋንና ከደሙ ጠፍቶ ሊሆን ስለሚችል፣ በዚያ ናሙና «የለም» የሚል ውጤት መምጣቱ ዲስቴምፐር አይደለም አያሰኝም። በዚህ ደረጃ ሽንት እና አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን የከበበው ፈሳሽ የተሻሉ ናሙናዎች ናቸው። በፈሳሹ ውስጥ የዲስቴምፐር አንቲቦዲ ከደሙ ጋር ሲነጻጸር በዝቶ ከተገኘ፣ አንቲቦዲው እዚያው አንጎል ውስጥ መመረቱን ስለሚያመለክት ጠንካራ ማስረጃ ነው። የክትባቱ ቫይረስ ሕያው ስለሆነ ደግሞ በቅርቡ የተከተበ ውሻ ሳይታመም በፒሲአር «አለ» ሊባል ይችላል፤ ስለዚህ የመጨረሻው ክትባት የተሰጠበትን ቀን ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። ያለፈ ሕመምን የሚመሰክሩ ምልክቶችም አሉ፦ የአፍንጫና የእግር መርገጫ ቆዳ መወፈርና መሰነጣጠቅ፣ ቋሚ ጥርሶች ሲወጡም የጥርሱ ልባስ ሳስቶ ቡናማ ጎድጓዳ ሆኖ መታየቱ።

ቫይረሱን ከአንጎል የሚያስወጣ የተረጋገጠ መድኃኒት የለም። የሚጥለውን ሕመም እንደ ፌኖባርቢታል ባሉ መድኃኒቶች መቆጣጠር ይቻላል፤ ማዮክሎነስ ግን ለመድኃኒት እምብዛም አይበገርም፣ ብዙ ጊዜም ዕድሜ ልክ ይኖራል። እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልጨምር፦ ጡንቻው መንጠር ስለጀመረ ብቻ ውሻውን ያለ ሥቃይ እንዲሞት ለማድረግ መቸኮል ትክክል አይመስለኝም። የሚበላ፣ የሚራመድና የሚያርፍ ውሻ ከዚህ ምልክት ጋር ለዓመታት ሊኖር ይችላል። ውሳኔውን የሚያስገድደው ምልክቱ ከቀን ወደ ቀን መባባሱ፣ በተለይም የማይቆም የሚጥል ሕመም ወይም መነሣት መከልከሉ ነው።

አሁን ወደ እህቲቱ እንመለስ። ለምን ዳነች?

በእናት ማህፀን ሳሉ ቡችላዎች በእንግዴ ልጁ በኩል የሚያገኙት አንቲቦዲ ከጠቅላላው ጥቂት እጅ ብቻ ነው። የቀረውን የሚቀበሉት ከእንገር ነው። የአዲስ ቡችላ አንጀት አንቲቦዲን ሳይፈጭ ሙሉውን ወደ ደም የሚያሳልፈው ከተወለደ በኋላ ለአንድ ቀን ገደማ ሲሆን፣ በእነዚያ ሰዓታት ውስጥም አቅሙ በፍጥነት ይቀንሳል። ወዲያውኑ የጠባው ወንድም ብዙ ወሰደ፤ ስትጋፋ ያረፈደችው እህት ጥቂት አገኘች። በዚህም ላይ እናቲቱ የሌላትን አንቲቦዲ መስጠት አትችልም፤ በቅርቡ የተከተበች ወይም በሽታው ይዟት የዳነች እናት ብዙ ትሰጣለች፣ ያልተከተበች ደግሞ ምንም ላትሰጥ ትችላለች።

ይህ ስጦታ ጊዜያዊ ነው። ቡችላው አያመርተውም፤ የተቀበለው ብቻ እየሟሸሸ ይሄዳል። በዲስቴምፐር አንቲቦዲ ላይ የተደረጉ ልኬቶች በየ8.4 ቀኑ ገደማ በግማሽ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1959 ይህንን ተጠቅመው፣ የእናቲቱ አንቲቦዲ ሲለካ ቡችሎቿ መቼ ቢከተቡ ክትባቱ እንደሚይዝ የሚተነብይ ሠንጠረዥ አሳትመው ነበር።

ለስሌት እንዲያመች፣ የአንቲቦዲው መጠን ከ32 በላይ ሲሆን ቡችላውን ከበሽታ ይጠብቃል፣ ከ4 በታች ሲወርድ ደግሞ ክትባት ይይዛል እንበል። ቁጥሮቹ እንደ ላቦራቶሪውና እንደ ክትባቱ ዓይነት ይለያያሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ግን እውነተኛ ነው። ምክንያቱም ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ፣ እንዲሠራ በቡችላው አካል ውስጥ ጥቂት መራባት አለበት። የእናት አንቲቦዲ የክትባቱን ቫይረስ ከዋናው አይለየውም፤ ሳይራባ ይዞ ያስወግደዋል። የቡችላው መከላከያም ቫይረሱን ሳያውቀው ይቀራል። ለበሽታው ቫይረስ የማይበቃው ያው ጥቂት አንቲቦዲ ለተዳከመው ክትባት ግን ይበቃል።

ሴቷ በመጀመሪያው ቀን 256 ነበራት እንበል። ሦስት ጊዜ በግማሽ ሲቀንስ 32 ይሆናል፤ ይህም በ25ኛው ቀን ነው። ስድስት ጊዜ ሲቀንስ 4 ይደርሳል፤ እሱም በ50ኛው ቀን ነው። ስለዚህ በስድስተኛው ሳምንት፣ ማለትም በ42ኛው ቀን የተሰጣት ክትባት ባከነ፤ በዘጠነኛው ሳምንት፣ በ63ኛው ቀን የተሰጣት ግን ያዘ። ወንዱ የእሷን ስምንት እጥፍ፣ 2048 ነበረው እንበል። 32 የሚደርሰው በ50ኛው ቀን፣ 4 የሚደርሰው ደግሞ በ76ኛው ቀን ነው። ሁለቱም ክትባቶች የተሰጡት ከዚያ በፊት ስለሆነ ሁለቱም ባከኑ። ከሚያስለው ውሻ ጋር ሲገናኝ የእናቱ አንቲቦዲ አልቆ ነበር፤ የራሱ ደግሞ አልተፈጠረም። የክትባት ደብተሩ ሙሉ ቢሆንም ወንዱ ምንም እንዳልተከተበ ነበር። ከእናቱ የበለጠ ስጦታ የተቀበለው፣ ጠንካራው ቡችላ፣ በዚሁ ስጦታ ምክንያት ለአደጋ ተጋለጠ። ሦስተኛ ክትባት በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት፣ በ84ኛው ቀን ቢሰጠው ኖሮ ይይዝለት ነበር።

ከዚህ የሚወጣው ትልቁ ነገር ተደጋጋሚዎቹ ክትባቶች እንደ መሰላል ደረጃ አንዱ በአንዱ ላይ የሚገነቡ አለመሆናቸው ነው። ብዙ ሰው «የመጀመሪያው ያነቃል፣ ሁለተኛው ያጠነክራል፣ ሦስተኛው ይጨርሳል» ብሎ ያስባል። ይህ እንደ ሌፕቶስፓይሮሲስ ላሉ ሕያው ያልሆኑ ክትባቶች ይሠራል፤ እነሱ በእርግጥ ሁለት ጊዜ ያስፈልጋሉ። ለሕያው የዲስቴምፐር ክትባት ግን የሚያግደው አንቲቦዲ ከሌለ አንድ ጊዜ ብቻ እንኳ ይበቃል። የሚደጋገመው፣ በሩ የሚከፈትበትን ቀን ከውጭ ሆኖ ማወቅ ስለማይቻል ደጋግሞ ለማንኳኳት ነው። ስለዚህ ወሳኙ ቁጥር ስንት ጊዜ ተከተበ የሚለው ሳይሆን የመጨረሻው ክትባት በስንት ሳምንቱ ተሰጠ የሚለው ነው።

የዓለም የአነስተኛ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ የሚለውም ከዚህ ስሌት ጋር ይስማማል፦ ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ተጀምሮ፣ በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ እየተደገመ፣ የመጨረሻው በአሥራ ስድስተኛው ሳምንት ወይም ከዚያ በኋላ እንዲሰጥ ነው። ቀጥሎም በ26ኛው ሳምንት ወይም ከዚያ በኋላ አንድ ክትባት ይጨመራል፤ ይህ በአሥራ ስድስት ሳምንትም አንቲቦዲ ያላለቀባቸውን ጥቂት ቡችላዎች ለመድረስ ነው። ቀድሞ ይህ ክትባት ዓመት ሲሞላ ይሰጥ ስለነበር፣ ያመለጡት ለወራት ሳይጠበቁ ይቆዩ ነበር።

መጀመሪያውን ይበልጥ ማስቀደም መፍትሔ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ነገር ግን ከአራት ሳምንት በታች ላለ ቡችላ ሕያው ክትባት ራሱ ለአንጎል አደገኛ ሊሆን ይችላል። ክፍተቱን ለማምለጥ የተሞከረ ብልህ መንገድ ግን ነበር፦ የሰው ኩፍኝ ቫይረስ ዘመዱ ስለሆነ ለውሻው መከላከያ ዲስቴምፐርን በከፊል ያስተዋውቀዋል፤ የእናት አንቲቦዲ ደግሞ በአብዛኛው ስለማይዘው፣ በኩፍኝ ቫይረስ የተሠራ ክትባት ለቡችላዎች ይሰጥ ነበር። ያም ሆኖ የትኛውም ቀጠሮ ክፍተቱን ሙሉ በሙሉ አይዘጋውም። ወንዱ ከ50ኛው እስከ 76ኛው ቀን ባሉት ሳምንታት ቢጋለጥ ኖሮ የትኛውም መርፌ አያድነውም ነበር። በእነዚያ ሳምንታት የሚረዳው ክትባታቸው ካልታወቀ ውሾች ማራቅ ብቻ ነው። ብዙ ውሾች በሚኖሩበት ስፍራ በየሁለት ሳምንቱ መከተብ የሚመረጠውም ክፍተቱን ለማጥበብ ነው።

ክትባቱ መያዙን በደም ምርመራ ማረጋገጥ ይቻላል፤ ጊዜው ግን እዚህም ይወስናል። በአሥረኛው ሳምንት በወንዱ ደም ውስጥ የተገኘ አንቲቦዲ የእናቱ ቅሪት ሊሆን ስለሚችል ባለቤቱን በከንቱ ያረጋጋዋል። ስለዚህ ምርመራው የሚደረገው የመጨረሻው ክትባት በአሥራ ስድስተኛው ሳምንት ከተሰጠ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ፣ በሃያኛው ሳምንት ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ በደም ውስጥ ያለው አንቲቦዲ ቡችላው ራሱ የሠራው ነው፤ ከሌለም ክትባቱ አልያዘምና ወዲያውኑ እንደገና ይከተባል።